ፈተናው ያለቀው ለማን ነው? በስልክ የተነሣ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ

ጉዳዩ አንድ የፍሬሽማን ሒሳብ ኩዊዝ ነው። አስር ጥያቄ አለው፣ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ከመቶው አስር ነጥብ ይይዛል። በዚህ ኩዊዝ ምክንያት አንዲት ተማሪ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ሌሎች ዜሮ ገቡ፣ የቀረው ክፍል በሙሉ እንደገና ተፈተነ። የሁሉም መነሻ በስልክ የተነሣ ምስል ነበር። የሚገርመው ግን ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ሁሉ ያቺው ተማሪ በስልክ የተነሣ ወረቀት ይዛ ስታጠና ማንም አልተናገራትም፤ የሚያናግርም ነገር አልነበረውም። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ልጻፈው። የዩኒቨርሲቲውን፣ የመምህሩንና የተማሪዎቹን ስም አልጠራም። ተማሪዋ አንብባ ፈቅዳለች።

እኔ አስጠኚ ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ተማሪው የከበደውን ጥያቄ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ከሥሩ የራሱን ሙከራ ይልካል። እኔ የትኛው መስመር ላይ እንደሳተ አሳየዋለሁ፣ እሱ እንደገና ይሠራል። ዎርክሺትም፣ የመጽሐፍ ገጽም፣ የሲኒየሮች የድሮ ሚድም በዚሁ መንገድ ይመጣል።

የድሮው ሚድ ላይ ትንሽ እንቆይ። ተማሪዋ ከሲኒየር ያገኘችውን የአምና ሚድ ወረቀት አንሥታ ልካልኝ ነበር። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ መሃሉ ሳስቷል። ከላይ ዓመተ ምህረቱ አለ። በቀይ እስክርብቶ ታርሟል፣ ነጥቡም ተደምሮ ተከብቧል። ይህ ፈተና ሞቷል። ጥያቄዎቹ የማንንም ውጤት ከዚህ በኋላ አይለውጡም። መምህሩ ራሱ አርሞ ለተማሪው መልሶለታል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ መሥራት ጥናት ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። መምህሩ ሰንፎ ያንኑ ጥያቄ ዘንድሮ ቢደግመውና ተማሪዋ በአንድ ደቂቃ ብትሠራው እንኳ ጥፋት አልሠራችም። በእጇ የገባው በግልጽ የተሰጠ ወረቀት ነው፤ ፈተናውን የደገመው ደግሞ እሷ አይደለችም።

ወረቀቱ የሚሰበሰብ ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። አንዳንድ መምህራን የጥያቄ ወረቀቱን ከመልሱ ጋር አብረው ይሰበስባሉ፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት ሊጠቀሙበት ያስባሉ። እንዲህ ካለ አዳራሽ ውስጥ በድብቅ የተነሣ ፎቶ ምንም ያህል ቢያረጅ የተሰጠ ወረቀት አይሆንም። ምልክቱም ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ ይታያል። ፎቶው ወደ ጎን ያዘመመ ነው፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ግማሹን ይሸፍነዋል፣ በወረቀቱ ላይ ምንም አልታረመም፣ የስም ቦታው ባዶ ነው። ስለዚህ የድሮ ፈተና ሲላክልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ወረቀት ይመለስላችኋል ወይስ ይሰበሰባል?» ብዬ ነው።

አሁን ወደ ኩዊዙ እንግባ። ዩኒቨርሲቲው ኩዊዞችን ሙድል በተባለው የኦንላይን ሥርዓት መስጠት ጀምሮ ነበር። መምህሩ ኩዊዙን ከሐሙስ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ክፍት አደረገው። ተማሪው በዚያ መሃል በፈለገበት ሰዓት ይጀምራል። አንዴ ከጀመረ ሠላሳ ደቂቃ አለው። ኔትወርክና መብራት አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ይህን ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው። ለተማሪ ያዘነ ውሳኔ ነበር። ግን ከዚህ ውሳኔ አንድ ነገር ይከተላል። ፈተናው ለሁሉም በአንድ ሰዓት አያልቅም። ለአንዱ ሐሙስ ሲያልቅ ለሌላው ቅዳሜ ገና አልተጀመረም።

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ምስል ደረሰኝ። የላፕቶፕ ስክሪን በስልክ የተነሣ ነው። ከላይ ተቆርጧል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

```
Find the radius of the circle with center (2, -1)
that is tangent to the line 3x + 4y = 12.
```

ከሥሩ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቲቸር መልሱ ስንት ነው? ቶሎ በናትህ»።

ጥያቄው ከባድ አይደለም። ከክቡ ማዕከል እስከ መስመሩ ያለውን ርቀት ማግኘት ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች አስቆሙኝ።

አንደኛው ከጥያቄው በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ሳጥን ናት። ሙድል ላይ ኩዊዝ እየተሠራ ሳለ በዚያ ሳጥን ውስጥ `Not yet answered` እና `Marked out of 1.00` የሚል ይጻፋል፣ ከሥሩም `Flag question` አለ። ኩዊዙ ገብቶ ካለቀ በኋላ ያው ሳጥን `Correct` ወይም `Incorrect` ይላል፣ ነጥቡንም `Mark 0.00 out of 1.00` እያለ ያሳያል። ስለዚህ ያ ምስል የተነሣው ሥራው ሳያልቅ ነው። ይህን ማወቅ ለአስጠኚም ለወላጅም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሰዓት ቆጣሪው ከላይ ስለሆነ በቀላሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሳጥኗ ግን ከጥያቄው ጎን ስለሆነች አብራ ትነሣለች።

ይህ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም። መምህራን ነጥብ የማይያዝበት የልምምድ ኩዊዝም በሙድል ያዘጋጃሉ። የልምምዱም ሳጥን ያንኑ ይላል። ሰዓት ቆጣሪም ሊኖረው ይችላል። ምስሉ የሚናገረው «እየተሠራ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ነጥቡ ይያዝ አይያዝ አይናገርም።

ሁለተኛው ነገር ሙከራዋ አለመኖሩ ነው። ይህች ልጅ ሙከራዋን ሳትልክ ጥያቄ ልካ አታውቅም። ሦስተኛው ችኮላው ነው። የሚያጠና ሰው «እንዴት?» ይላል፤ «ስንት ነው?» ብሎ አይጣደፍም። ሁለቱም ጠንካራ ማስረጃ አይደሉም። የደከመውም ሰው ያቻኩላል። ግን ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሳይጠይቁ መመለስ አይገባም።

ስለዚህ ጻፍኩላት፦ «ይሄ ነጥብ የሚያዝበት ነው? እስከ መቼ ነው ክፍት የሆነው? መምህራችሁ ሰው መጠየቅ ፈቅዷል?» መልሷ «ፕራክቲስ ነው» የሚል ነበር። «እሺ፣ ከሆነ አንቺ እስካሁን የደረስሽበትን ላኪና አብረን እንጨርሰው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቲቸር 11 ደቂቃ ነው የቀረኝ» አለች።

የመለስኩላት ይህ ነው፦ «እንግዲያው ኩዊዝ ላይ ነሽ። አሁን ምንም አልልሽም፣ ፍንጭም አልሰጥሽም። የቻልሽውን ያህል ራስሽ ሥሪ። ሲያልቅ ደውዪልኝ።»

ፍንጭ ስላለመስጠቴ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። «መልሱን አትንገራት፣ ቀመሩን ብታስታውሳት ምን አለበት?» ይሉኛል። በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ቀመሩን መስጠት መልሱን መስጠት ነው። ኩዊዙ የሚለካው ይህን ቀመር ከሁኔታው ጋር ማገናኘት መቻሏን ነው። የቀረው መደመርና ማካፈል ነው። በጥናት ሰዓት ፍንጭ ትልቁ መሣሪያዬ ነው፣ በኩዊዝ ሰዓት ግን ከመልሱ አይለይም። የአንድ ቃል እርዳታ ምንነቱ የሚወሰነው በሰዓቱ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ሌላ ምስል ላከችልኝ። ያው ጥያቄ ነው፤ ሳጥኑ ግን አሁን `Incorrect` ይላል። ከሥሩ `The correct answer is: 2` ተብሎ ተጽፏል። እሷ ያስገባችው 0.4 ነበር። «አሁን አልቋል፣ አስረዳኝ» አለችኝ።

ከየት እንደመጣ ወዲያው ታየኝ። የርቀቱ ቀመር ይህ ነው፦

```
d = |a·x0 + b·y0 + c| / √(a² + b²)
```

መስመሩ `3x + 4y = 12` ተብሎ ሲሰጥ 12ን ወደ ግራ ማምጣት ያስፈልጋል። ያኔ `c = -12` ይሆናል። በትክክል ሲሠራ `3·2 + 4·(-1) - 12 = -10` ነው፣ አሥርን ለአምስት ስናካፍል ራዲየሱ 2 ይወጣል። እሷ 12ን ረሳችው። `3·2 + 4·(-1) = 2` አገኘች፣ ለአምስት አካፈለች፣ 0.4 ወጣላት። ይህ ንጹሕ የተማሪ ስህተት ነው። ይህን ስህተት ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እሷን የረዳት እሱ ነው።

ከማስረዳቴ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። «ክፍላችሁ በሙሉ ጨርሷል?» አልኳት። «አይ፣ እስከ ነገ ክፍት ነው፣ ብዙ ልጅ አልወሰደም» አለች። እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ልብ ያለው። ለእሷ ኩዊዙ አልቋል። ነጥቧ ተመዝግቧል፣ ልትለውጠው አትችልም። ስለዚህ እሷ የተሳሳተችበትን መማሯ ጥናት ነው፣ አስረዳኋት። ወረቀቱ ግን አልሞተም። ገና ያልተፈተነ ልጅ አለ። ያ ምስል ከእሷ ስልክ ወጥቶ ወደዚያ ልጅ ስልክ ሲገባ ጥናት መሆኑ ያበቃል። ያው ምስል፣ በዚያው ሰዓት፣ በአንድ ስልክ ላይ የጥናት ወረቀት ነው፣ በሌላው ላይ ደግሞ የፈተና መልስ ነው። «እስከ ቅዳሜ ማታ ለማንም አትላኪ» አልኳት። ለዶርም ጓደኛዋ ግን ወደ እኔ ከመላኳ በፊት ልካላት ነበር።

ጓደኛዋ ምስሎቹን የፍሬሽማኖች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈቻቸው። ከሥሩ «ነገ ለምትወስዱ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ አንድ ሰው መልሶቹን በዝርዝር ጻፋቸው፣ አራተኛው ጥያቄ ላይ «2» ተብሎ።

እዚህ ላይ አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ሙድል ለተማሪ ትክክለኛውን መልስ መቼ እንደሚያሳይ የሚወስነው መምህሩ ነው። በኩዊዙ ቅንብር ውስጥ `Review options` የሚባል ክፍል አለ። በዚያ ውስጥ ተማሪው ሥራውን እንዳስገባ ወዲያው፣ ወይም ኩዊዙ ገና ክፍት ሳለ በኋላ፣ ወይም ኩዊዙ ለሁሉም ከተዘጋ በኋላ ምን ምን እንዲያይ ይመረጣል። የዚህ ኩዊዝ መምህር `Right answer` የሚለውን ወዲያው እንዲታይ ትቶት ነበር። ስለዚህ ሐሙስ የጨረሰ ሁሉ ሙሉ መልሱን በእጁ ይዞ ይወጣል፣ ኩዊዙ ደግሞ ገና ሁለት ቀን አለው። መልሱ መታየት የነበረበት `After the quiz is closed` በሚለው ሥር ብቻ ነው። መምህሩን ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ለተማሪ ፈጣን ግብረመልስ መስጠት ጥሩ ነው፣ ለልምምድ ኩዊዝም ትክክለኛው ምርጫ ይኸው ነው። ለሚታረም ኩዊዝ ግን በሩን ክፍት መተው ነው።

መምህሩ ሌላ ብልሃት ግን ሠርቶ ነበር፣ ተማሪዎቹም አላወቁትም። አራተኛው ጥያቄ ሙድል `Calculated` ከሚለው ዓይነት ነው። የጥያቄው ቃል ለሁሉም አንድ ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ከተማሪ ተማሪ ይለያያሉ። ሥርዓቱ ከተዘጋጁ የቁጥር ስብስቦች አንዱን ለእያንዳንዱ ይመርጥለታል። ለእሷ ማዕከሉ (2, -1)፣ መስመሩ `3x + 4y = 12` ደረሳት። ለሌላው ማዕከሉ (3, 1)፣ መስመሩ `3x + 4y = 28` ይደርሰዋል። ይህ ሲሠራ `9 + 4 - 28 = -15` ነው፣ ራዲየሱም 3 ይሆናል።

ቅዳሜ ማታ መምህሩ ውጤቶቹን ሲከፍት ትክክለኛ መልሳቸው 3 የሆነ ሰባት ተማሪዎች 2 አስገብተዋል። እሱም መጀመሪያ የስሌት ስህተት መስሎት ፈተሸው። ቋሚውን ቁጥር የረሳ ተማሪ 13ን ለ5 ያካፍልና 2.6 ያገኛል። ምልክቱን ያጠፋ 41ን ለ5 ያካፍልና 8.2 ያገኛል። ማካፈሉን የረሳ 15 ያስገባል። ከተለመዱት ስህተቶች መካከል 2ን የሚሰጥ የለም። 2 የሚመጣው ከሌላ ሰው ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ የኩረጃ ማስረጃ የምወደው ዓይነት ነው። ትክክለኛ መልስ ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል፤ እንዲህ ያለ፣ ምንጩ የራስ ወረቀት ሊሆን የማይችል ስህተት ግን መንገዱን ራሱ ያሳያል።

ከዚህ ጋር የፍጥነትን ነገር ላንሣ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በስህተት ይታያል። ሙድል እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይመዘግባል። ከሰባቱ የሚበዙት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ነበር። ግን አንዲት ሌላ ተማሪም እንዲሁ ፈጥና ጨርሳ ነበር። እሷም መጀመሪያ ተጠርታለች። መልሶቿ ሲታዩ በሙሉ ከራሷ ቁጥሮች ጋር የሚሄዱ ናቸው። አራተኛውንም ጨምሮ። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ደጋግማ የሠራች ልጅ ነበረች። ፍጥነት ጥርጣሬ ያስነሣል እንጂ አይፈርድም። የተዘጋጀ ተማሪ ፈጣን ነው፣ የመዘጋጀት ትርጉሙም ያ ነው።

መምህሩ ግሩፑ ላይ የተለጠፈውን ምስል አገኘው። ቁጥሮቹን ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ የማን ወረቀት እንደሆነ ታወቀ። እንደ ፊርማ ናቸው። አንዱ ጥያቄ ብቻውን ለብዙ ተማሪ ሊደርስ ይችላል፣ ግን የሁለት ሦስት ጥያቄ ቁጥሮች ሲገጣጠሙ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ተማሪዋ ተጠራች። ኩዊዟ ሊሰረዝ ነበር።

ደወለችልኝ፣ እያለቀሰች። የሐሙስን ቻት ይዛ እንድትሄድና ምንም ሳትደብቅ እንድታሳየው ነገርኳት። የሚያሳፍራትም ክፍል እዚያው ውስጥ አለ፤ ኩዊዝ ላይ ሆና መልስ ጠይቃለች፣ «ፕራክቲስ ነው» ብላም ዋሽታለች። ግን ሌላውም እዚያው አለ። መልስ አላገኘችም። ያስገባችው 0.4 የራሷ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ መስመር በመስመር ማሳየት ትችላለች፣ አሳየችም።

መምህሩ ከዲፓርትመንቱ ጋር ተነጋግሮ የወሰነው እንዲህ ነው። 2 ያስገቡት ሰባቱ ዜሮ ገቡ። ምስሉን የለጠፈችው ጓደኛም ዜሮ ገባች። ተማሪዬ ደግሞ በኩዊዝ ሰዓት ጥያቄውን ፎቶ አንሥታ ወደ ውጭ በመላኳ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዚያ ኩዊዙ በሙሉ ተሰርዞ የቀሩት ሁሉ፣ እሷንም ጨምሮ፣ ክፍል ውስጥ በወረቀት ተፈተኑ።

ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶች «መልስ አላገኘችም፣ ታዲያ ምን አጠፋች?» አሉ። ጥፋቱ የተፈጸመው ጥያቄው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። እኔ ባልመልስ ሌላ ሰው ሊመልስ ይችል ነበር። ግን መጠየቅና ማስገባት እኩል አይደሉም፤ ቅጣታቸውም እኩል አልሆነም፣ ይህም ትክክል ነው። ስሟን ፈርማ ያስገባችው መልስ የራሷ ዕውቀት ልክ ነበር። የሰባቱ ግን አይደለም።

በጓደኛዋ ላይ ብዙ አሰብኩ። የለጠፈችው ሥርዓቱ ራሱ ያሳየውን ገጽ ነው። ማንም «አትለጥፉ» አላለም። «እንዲህ ተሳሳትን፣ እዩት» ብላ ብትለጥፈው ኖሮ መምህሩ ፊት ቆሜ እከራከርላት ነበር። የመልሱን በር ክፍት የተወው ቅንብሩ ነውና። ግን «ነገ ለምትወስዱ» ብላ ጽፋለች። ያልተፈተነ ሰው እንዳለ ታውቃለች፣ የላከችውም ለእሱ ነው። እነዚያ ሁለት ቃላት ባይኖሩ ቅጣቱ በዛባት እል ነበር፣ ስላሉ ግን ልከራከርላት አልቻልኩም።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ግን ማንም ያልጠረጠረው አንድ ልጅ ነው። በራሱ ፈቃድ ወደ መምህሩ ሄዶ ተናገረ። ዓርብ ማታ ግሩፑ ላይ ምስሉን አይቷል። መልሱን አልገለበጠም። ጥያቄውን በደብተሩ ሠራው፣ ያልገባውን ከሞጁሉ አነበበ፣ ቅዳሜ ኩዊዙን ሲከፍት የራሱን ቁጥሮች ይዞ 3 አስገባ። አጥንቷል? አዎ። ያስገባው የራሱ ሥራ ነው? አዎ። ሆኖም ከአራት ምዕራፍ ውስጥ ታንጀንት የሆነ ክብ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የተፈተነው ልጅ ይህን አላወቀም። ስለዚህ በእሱ እጅ ጥናት የነበረው ነገር በክፍሉ ውስጥ ሚዛን አዛብቷል። መምህሩ አልቀጣውም። እንደገና በመፈተኑ ጥቅሙ ተሰርዟል፣ እሱ ደግሞ ያጠናው አልጠፋበትም። ከውሳኔዎቹ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ግን መደገሙ ባይኖር ምን ይደረግ ነበር ብባል፣ እሱ ሳይቀጣ ኩዊዙ ለሁሉም እንዲደገም እጠይቅ ነበር እንጂ ሌላ መፍትሔ አይታየኝም።

ይህ ልጅ የቆመበት ቦታ ላይ በ2008 ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት የእንግሊዝኛው ፈተና ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ፈተናው በመጀመሪያው ቀን ተቋረጠ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ሐምሌ ላይ እንደገና ተቀመጡ። በወቅቱ ምስሉ ስልኩ ላይ የገባ ተማሪ ሁሉ ሌባ አልነበረም። ብዙው እውነተኛ ይሁን የውሸት አያውቅም፣ ግሩፕ ላይ ነው የደረሰው። ግን ወረቀቱ ለማንም አላለቀም ነበር። ስለዚህ ማን ገልብጦ ማን ሠርቶ እንደመጣ ለመለየት ከመሞከር ይልቅ ለሁሉም መድገም ብቸኛው መንገድ ሆነ። ከ2015 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ያለ ስልክ ሲሰጥ ዋናው ዓላማ ይህንኑ መቁረጥ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጀምርና ሲጨርስ «ለማን አለቀ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይጠፋል።

የኦንላይን ኩዊዝ ግን ይህን ማድረግ ሁልጊዜ አይችልም። በዚህ ክፍል የተለወጠው ሁለት ነገር ነው። መምህሩ አሁን ትክክለኛውን መልስ የሚያሳየው ኩዊዙ ለሁሉም ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ክፍት የሚሆንበትንም ጊዜ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ምሽት አሳጥሮታል። መብራት የጠፋበት ልጅ ካለ በማግስቱ በወረቀት ይፈትነዋል። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ስንጀምር የምንስማማበት ነገር አለ። የስክሪን ምስል ከላኩ ሙሉ ገጹን ይልካሉ፣ ከላይ ሳይቆርጡ። ኩዊዙ የሚዘጋበትን ቀን ሙድል `Closes` ብሎ የሚጽፍበትን መስመርም ጨምረው። ያ መስመር ገና ያላለፈ ቀን ካሳየ፣ ለላከው ልጅ ቢያልቅም እንኳ፣ በግል እናየዋለን እንጂ የጋራ ግሩፓችን ላይ አይወጣም።

አሳይመንት ላይ ግን እስካሁን የጠራ መስመር የለንም። ነጥብ ይያዝበታል፣ ቤት ይሠራል፣ ሳምንት ይሰጠዋል። አንዱ መምህር «ተጋግዛችሁ ሥሩ» ይላል፣ ሌላው ምንም አይልም። ባልተባለበት ጊዜ ተማሪዬ ራሱ መምህሩን ጠይቆ መልሱን እንዲልክልኝ አደርጋለሁ። መልስ ካልመጣ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ ጥያቄ አስተምረዋለሁ፣ የአሳይመንቱን ወረቀት ግን አልነካውም። አንዳንዱ ተማሪ በዚህ ይቀየመኛል። ሌላ አስጠኚ ዘንድ የሄደም አለ።